ለቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ምስጋና፣ በጋራ ግጦሽ በግ ለምታረቡም ጥቆማ

አምና ክረምት ሰባት ግልገል ሞተብኝ። አገጫቸው ስር ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣሉ፣ ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ይወድቃሉ። እኔ በየወሩ የትል ክኒን ከገበያ እየገዛሁ አንዱን ለሁለት ገምሼ እሰጥ ነበር። ዘንድሮ አንድም አልሞተብኝም። ለዚህ የቀበሌያችንን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሰው ፊት ላመሰግናት እወዳለሁ።

መጀመሪያ የመጣች ዕለት ክኒን አላወጣችም። የአንዷን ግልገል የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልብጣ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ይዩት" አለችኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ወረቀት መስሏል። ጨጓራዋ ውስጥ ያለው ትል ደሟን መጦታል።

ከዚያ አራት አባወራ ወደምንጋራው ግጦሽ ወረድን። ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጧል። የትሉ እንቁላል በበጠጥ ይወጣል፤ በእኛ ወይና ደጋ ክረምት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ተፈልፍሎ ለመበላት ይደርሳል፣ በጠልም ሣሩ ላይ ይወጣል። አብዛኛው ግን ከአራት ጣት አያልፍም። እኛ ደግሞ በጎቹን እዚያው እያሰነበትን ትሉን መልሰን እናበላቸው ነበር። ክኒኑን መግመሴም ጎድቶኛል፤ ያነሰ መጠን ጠንካራውን ትል ሳይገድል ይተወዋል።

አራታችንን አስማምታ መሬቱን በችካልና በድንጋይ ዘጠኝ ቦታ አስከፈለችን። 41 በጋችን በአንዱ አምስት ቀን ይግጣል፣ እንቁላሉ ሳይደርስ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው ከ40 ቀን እረፍት በኋላ ነው። ሣሩ አራት ጣት ሲቀረው አምስት ቀን ባይሞላም እናነሳቸዋለን፤ ጠዋትም ጠሉ ሳይደርቅ አናሰማራም። በ40 ቀን ትሉ ሁሉ እንደማይሞት አልደበቀችንም፤ ቅዝቃዜ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ስለዚህ በእረፍቱ መጨረሻ በሬዎቹን እናስቀድማለን። የበግ ትል አብዛኛው በከብት ሆድ አያድግምና ሣሩን ያጸዱልናል።

ሐምሌ ላይ ከመካከላችን የአንዱ ልጅ በጎቹን እረፍት ላይ ያለ ቦታ ለቀቃቸው። መጥታ ሳትቆጣ አስታረቀችን። ከዚያ ወዲህ እረኛው በተራ አንድ ሰው ነው።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ዓይናቸውን እንገልጣለን፤ ክኒን የሚያገኘው የነጣበት ብቻ ነው፣ ያውም በክብደቱ ልክ። ዘንድሮ ክረምት የነጣባቸው ስድስት ብቻ ነበሩ። የጉበት ትልን ግን ይህ አይከላከልም፤ ቀንድ አውጣ ያለበትን ረግረግ ለብቻው እሾህ አጥረንበታል።

የጋራ ግጦሽ ያላችሁ በየቀበሌያችሁ ያለውን ባለሙያ መሬቱ ድረስ ጥሩ። የነጣ ዓይን ያለውን በግ ክኒን ሳትሰጡ አሳዩ፤ ስትጠሩም ግጦሹን የሚጋሩ አባወራዎች ሁሉ ይገኙ።