የአባታችንን ቤት በስማችን ስናዞር፦ ያየሁት ወረፋና የከፈልነው ሒሳብ

ዘንድሮ አዲስ አበባ የሄድኩት ለዕረፍት ብቻ አልነበረም። አባታችን ካረፈ ቆይቷል፣ ቤቱ ግን እስካሁን በሱ ስም ነበር። እናታችን እዚያው ትኖራለች። ልጆቹ ሦስት ነን፦ አገር ቤት ያለችው እህቴ፣ እኔ፣ እና መምጣት ያልቻለው ወንድሜ። ውጭ ላላችሁና ይህ ጉዳይ ለሚጠብቃችሁ ሰዎች የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች እንዳየኋቸው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያጋጠመን ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ ስልኩ የማያርፍ ሰው። ሐሳቡ አጭር ነበር፦ «ፍርድ ቤት ምን ያንገላታችኋል? እናታችሁ በስጦታ ትስጣችሁና በአንድ ጊዜ ይለቅ።» ላልጠረጠረ ሰው ደስ የሚል ምክር ነው። ግን ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ቤቱ በትዳር ውስጥ የተሠራ ነው። በቤተሰብ ሕጉ የጋራ ንብረት ስለሚሆን ግማሹ የእናታችን፣ ግማሹ የአባታችን ነው። እሷ የአባታችንን ድርሻ በስጦታ ልትሰጥ አትችልም፣ የሷ አይደለማ! ሁለተኛውና ኪስ የሚነካው የሊዝ ነገር ነው። በሊዝ አዋጁ (721/2004) መሠረት በነባር ይዞታ ላይ፣ ማለትም ሊዝ ሳይገባ በቆየ መሬት ላይ፣ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ከተላለፈ፣ መሬቱ ወደ ሊዝ ይገባል፣ የሊዝ ክፍያ ይመጣበታል ማለት ነው። በሽያጭም ይሁን በስጦታ ያው ነው። በውርስ ሲተላለፍ ግን ነባር እንደሆነ ይቀጥላል። የእኛ ይዞታ ነባር ነው። ጉዳይ አስፈጻሚው ይህንን አንድም ቀን አላነሳም። የዚህ አገልግሎት ነጥቤ ዜሮ ነው።

ስለዚህ በውርስ ሄድን። መንገዱ የሚጀምረው ከወረዳ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የእኛ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናታችን የጋብቻ ማስረጃ። የድሮ ሰዎች ያገቡት በሽማግሌ ስለሆነ የጋብቻ ወረቀት የሌላቸው ብዙ ናቸው። የእኛም እናት የላትም። ያ ደግሞ ለብቻው በምስክር የሚረጋገጥ ነገር ስለሆነ፣ እንደኔ ከሁሉ ቀድሞ የሚጀመረው እሱ ነው። ግማሹ የሷ መሆኑ የሚቆመው በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

ከዚያ የአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት። የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው እዚያ ነው። ጠበቃ ይዘን ነበር፣ ግን አቤቱታው ረጅም አይደለም። ጠበቃው ለገንዘቡ የሚገባ ሥራ የሠራው በሌላ ነገር ነው፤ ምስክሮቹን መርጦ ምን እንደሚጠየቁ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ለምስክርነት የቀረቡት የእድር ሰዎች ናቸው። ዳኛዋ አንዱን አዛውንት እንዲህ ጠየቋቸው፦ «ሟች ከነዚህ ሌላ ልጅ ነበራቸው?» ጋሼም ጎርነን ባለ ድምፅ «እኔ የማውቀው እነዚህን ሦስቱን ነው፣ ሌላ አልሰማሁም» አሉ። ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ ማስታወቂያ እንዲወጣም አዘዘ። ተቃዋሚ ካለ ቀርቦ እንዲናገር ነው። የማስታወቂያውን ወጪ አመልካቹ ይከፍላል፣ ቀጠሮውም በዚያ ይረዝማል። ለአጭር ጊዜ የመጣ ሰው ይህን ሳይጨርስ ሊመለስ እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ፤ ስለዚህ ውክልና የግድ ነው።

ውክልናውን የወንድሜ ጉዳይ አስተማረን። እሱ ባለበት አገር ባለው ኤምባሲያችን ፈርሞ ለእህቴ ላከ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። ቀላል ነው፤ ተራ ይጠብቃሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይሄዳሉ። ከባዱ የሚጻፈው ነገር ነው። «ሁሉን እንድታደርግልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ንብረት ከማስተዳደር አያልፍም። ክስ መመሥረት፣ መከራከር፣ መሸጥ፣ ስጦታ መስጠት ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት፣ በፍርድ ቤት መቅረብ፣ ስም ማዛወር፣ ግብርና ክፍያ መክፈል፣ ካርታ መረከብ እያላችሁ አንድ በአንድ አስጽፉ። መሸጥን ግን ዝም ብላችሁ አትጨምሩ። ወንድምና እህት ቢተማመኑም መሸጥ የሚጻፈው በሚሸጥበት ቀን ነው።

እንቅልፍ የነሳን ግን ስም ነው። በካርታው ላይ የአያቴ ስም «ወ/ጊዮርጊስ» ተብሎ ባጭሩ ተጽፏል። በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ወልደጊዮርጊስ» ነው። የእኔ ፓስፖርት ደግሞ የአባቴን ስም የመጨረሻ ስም አድርጎታል፣ አያቴ ከነጭራሹ የለም። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለመዝገብ ቤት ግን ሦስት ሰው ይመስላል። አንዱ ሠራተኛ ወረቀቱን አዟዙሮ አየና «ይህ ሌላ ሰው ቢሆንስ?» አለ። የሚገባ ጥያቄ ነው፣ ግን የጉዳዩን ፍጥነት ይገድላል። መፍትሔው ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ማቅረብ ነው። ቀድሞውኑ በፍርድ ቤት አቤቱታችሁ ላይ «በሌላ ስሙ እንዲህ የሚባለው» ብሎ ማስጠቀስ ብዙ ያቀላል። ሰነዶቹን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስም በስም አነጻጽሩ። ይህ ካላችሁበት አገር ሳትነሱ የሚሠራ ሥራ ነው።

እኔ የያዝኩት የውጭ ፓስፖርት ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን ይዤ ባልሄድ ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ይሆን ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይከለክል ነበር፣ መታወቂያው ለያዘ ግን አዋጅ 270/1994 መብቱን ሰጥቶታል። ጊዜው እንዳያልፍበት እዩት።

ወጪው ላይ ስንመጣ፣ በአገራችን የውርስ ግብር የሚባል ነገር የለም። የሚከፈለው ሌላ ነው፦ የተጠራቀመ የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር ካለ እሱን መጨረስ፣ የአገልግሎት ክፍያዎች፣ እና ትልቁ የቴምብር ቀረጥ። በቴምብር አዋጁ (110/1990) የንብረት ስም ማዛወሪያ ቀረጥ ከዋጋው 2 በመቶ ነው። ዋጋው የሚሰላው በመስሪያ ቤቱ ግምት ነው፣ ደላላ በሚጠራው አይደለም።

እዚህ ላይ ንቁ። የግምቱ ወረቀት ሲሰጠን ስሌቱ የተሠራው በሙሉ ቤቱ ላይ ነበር። ቁጥሩን ክብ ላድርገውና ቤቱ 4 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። የሙሉው 2 በመቶ 80,000 ብር ነው። ግን እየተላለፈ ያለው የአባታችን ግማሽ ብቻ ነው፣ 2 ሚሊዮን። የእሱ 2 በመቶ 40,000 ብር። እናታችን ከማንም አልወረሰችም፣ የራሷን ይዛ ነው የቀረችው። እህቴ የጋብቻ ማስረጃውንና ውሳኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «እትዬ የራሷን ቤት ነው የወረሰችው?» ስትል ባለሙያው ሳቀና ሒሳቡን አስተካከለ። ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ስሌቱ በምን ላይ እንደተሠራ ጠይቁ። ከተከፈለ በኋላ ማስመለስ ሌላ ጦርነት ነው።

አዲሱ ካርታ አራት ስም ይዞ ወጣ። እናታችን ግማሽ፣ እኛ ሦስታችን እያንዳንዳችን አንድ ስድስተኛ። ከዚህ በኋላ ቤቱን መሸጥ ወይም ማስያዝ ቢፈለግ የአራታችንም ፊርማ ያስፈልጋል፣ ወንድሜም ያን ጊዜ አዲስ ልዩ ውክልና ይልካል። አንዳችን ድርሻችንን ለሌላው ብንሰጥ ደግሞ ያ ውርስ አይደለም፣ የሊዙ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ጠበቃውን በድጋሚ እቀጥረዋለሁ። ጉዳይ አስፈጻሚው ግን አሁንም ስልክ ይደውላል።