«ጠቅላላ ፓኬጅ 89,000 ዩሮ» የሚል ኦፈር ሌተር ከመጣላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አዲስ አበባ ያለ ፕሮግራመር ወዳጄ፣ በርሊን ካለ አንድ ስታርትአፕ ኦፈር ሌተር መጣለት። «ጠቅላላ ፓኬጅ፦ በዓመት 89,000 ዩሮ» ይላል። ለ12 አካፈለውና በወር 7,400 ዩሮ ገደማ ላገኝ ነው ብሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሊያስገባ ነበር። እባካችሁ እንዲህ አታስሉ! ወረቀቱን አብረን ቁጭ ብለን ስናየው ቁርጥ ያለው ደመወዝ 60,000 ብቻ ነው። 9,000ው ቦነስ፣ 20,000ው ስቶክ ኦፕሽን ነው።

60,000ውም ቢሆን ያልተጣራ ነው፤ ጀርመኖቹ «ብሩቶ» የሚሉት። የገቢ ግብር፣ ጡረታ፣ የጤና መድን፣ የሥራ አጥነት መድን እያለ ይቆረጣል። ጡረታው ብቻ 9.3 በመቶ ነው። ልጅ የሌለው ላጤ እጁ ላይ የሚገባው በወር 3,100 ዩሮ አካባቢ ነው። ባለትዳሮችም ልብ በሉ፦ የትዳር ጓደኛችሁ አዲስ አበባ እስካለ ድረስ የሚቆረጥባችሁ እንደ ላጤ፣ በግብር ክፍል 1 ነው። ጉግል ላይ Brutto Netto Rechner ብላችሁ ፈልጉ፤ የራሳችሁን ሂሳብ ወዲያው ያወጣላችኋል።

ቦነሱ «እስከ 15 በመቶ» ይላል። ከፍተኛው እንጂ ዝቅተኛው አልተጻፈም፤ ዜሮም ሊሆን ይችላል። ቦነሱ በሚከፈልበት ቀን በሥራ ላይ ያልተገኘ ሠራተኛ አያገኝም የሚል አንቀጽም አለው።

ዋናው ማታለያ ግን ኦፕሽኑ ላይ ነው። ኦፕሽን አክሲዮን አይደለም፤ አክሲዮኑን አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። ለወዳጄ የሰጡት 10,000 ኦፕሽን ነው። ባለሀብቶች አንዱን አክሲዮን በመጨረሻ የገዙበትን 8 ዩሮ አባዝተው 80,000፣ መብቱ ተሟልቶ የእሱ የሚሆነው በ4 ዓመት ስለሆነም ለ4 አካፍለው በዓመት 20,000 አሉት። እሱ ግን አንዱን ለመግዛት 5 ዩሮ ይከፍላል። ስለዚህ ትርፉ በአንዱ 3 ዩሮ፣ በጠቅላላው 30,000 ነው፤ በዓመት 7,500 ማለት ነው። እሱም ድርጅቱ በዚያ ዋጋ ከተሸጠ ነው፤ ግብሩም ገና አልተነሳም። አንድ ዓመት ሳይሞላው ከወጣ ምንም የለውም። ገበያ ላይ ባልወጣ ድርጅት ደግሞ የያዘውን የሚሸጥበት ቦታ በቀላሉ አያገኝም። በዚህ የቤት ኪራይ አይከፈልም።

ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የድርጅቱ ጠቅላላ አክሲዮን ስንት ነው? የመግዣው ዋጋ ስንት ነው? ሥራ ስለቅ ለመግዛት ስንት ጊዜ ይሰጠኛል? የመጀመሪያው ካልተመለሰ 10,000 ብዙ ይሁን ኢምንት ማወቅ አይቻልም። ወዳጄ ሲጠይቅ ቀጣሪዎቹ «የአክሲዮን ብዛት ምስጢር ነው» አሉት። እሱም ኦፕሽኑን ከሂሳቡ አውጥቶ ቁርጡ ደመወዝ 68,000 ይሁንልኝ ብሎ ጻፈላቸው። መልስ እስኪመጣ የአዲስ አበባውን ሥራ አልለቀቀም።