ሲያትል ነኝ ይለኝ ነበር፣ ሰዓቱ ግን አልተቀየረም

ውጭ አገር ነኝ ከሚል ሰው ጋር በስልክ እያወራችሁ ያላችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ደብረ ብርሃን ብትሆኑ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ፣ ነገሩ አንድ ነው። እኔን 60,500 ብር አስከፍሎኛል። የእቁቤ ብር ነበር። ሱቄን ላሰፋበት ያሰብኩት።

ሰውዬው የጻፈልኝ በ2017 የመስቀል ሰሞን ነው። ቤተሰቦቹ ከደብረ ሲና እንደሆኑ፣ እሱ ግን ሲያትል ከገባ ዘጠኝ ዓመት እንደሞላው ነገረኝ። መጋዘን ውስጥ እንደሚሠራ፣ የምሳ እረፍቱ በእነሱ 12 ሰዓት፣ ማለትም እኩለ ቀን ላይ እንደሆነ አጫወተኝ። ያ ሰዓት በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሱቅ ተዘግቶ፣ እራት ተበልቶ፣ እማዬ ተኝታ፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ የምጠብቀው ሰዓት ሆነ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። እሱ «ምሳዬን ትቼ አንቺን ነው የማወራው» ሲለኝ ብርዱን እረሳው ነበር።

አወራሩ ጥሩ ነበር። ይህን የምለው የእሱን ለመካብ አይደለም፣ ሌላዋም እንድትጠነቀቅ ነው። ባለጌ ቃል አይናገርም፣ አይቸኩልም። ጠዋት ስነሳ «እኔ ልተኛ ነው፣ አንቺ ግን ቀንሽን በደስታ ዋዪ» የሚል የድምፅ መልእክት አገኛለሁ። ማታ ደግሞ «አንቺ ልትተኚ ነው፣ የእኔ ቀን ግን ገና ግማሽ ነው» ይለኛል። የሰዓቱ ልዩነት ራሱ የፍቅራችን ወሬ ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ብር አንዲት ቃል አላነሳም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእኛ አገር ሰዓት ክረምት ከበጋ አይቀየርም። የአሜሪካ ግን በአብዛኛው ግዛት በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀየራል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ላይ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል፣ በማርች ሁለተኛው እሁድ ላይ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያደርጉታል። ስለዚህ ሲያትል ከእኛ በበጋቸው 10 ሰዓት፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በ2017 ለውጡ የዋለው ጥቅምት 24 ነበር።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? እስከ ጥቅምት 23 ድረስ የሲያትል እኩለ ቀን በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ከጥቅምት 24 ጀምሮ ግን ያው እኩለ ቀን በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል። በእውነት በምሳ እረፍቱ የሚደውል ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ለእኔ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው መድረስ ያለበት። የእኔ ሰውዬ ግን ጥቅምት 25ም፣ 26ም፣ ኅዳርንም ሙሉ ልክ 4 ሰዓት ላይ ደወለ። «የምሳ እረፍቴ ነው» አለ።

በዚያው ሳምንት ሚኒያፖሊስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደውላልኝ ነበር። «ሰዓታችን ስለተቀየረ ነው የዘገየሁብሽ፣ አሁን ልዩነታችን 9 ሰዓት ሆኗል» አለችኝ። በጆሮዬ ሰማኋት። ግን አላገናኘሁትም። አንድ ማታ እንዲሁ ለወሬ ያህል «እናንተ ጋ ሰዓት ተቀየረ አይደል?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እኛ ጋ አይነካም፣ የአንዳንድ ግዛት ብቻ ነው» አለኝ። በእርግጥ የማይቀይር ግዛት አለ፣ አሪዞና አብዛኛው ክፍሏ አይቀይርም። ሲያትል ግን ትቀይራለች። ዘጠኝ ዓመት እዚያ የኖረ፣ በሰዓት ገብቶ በሰዓት የሚወጣ ሠራተኛ ይህን ሊስተው አይችልም።

ሌላም ነበር። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለልኝ። ያን ጊዜ ሲያትል ገና የትናንቱ ቀን ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ነው። «ከሥራ ገብቼ ነው» አለኝ። ከኋላው ዶሮ ጮኸ። አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ፣ ሌላውም ከሩቅ መለሰለት። እኛ ሰፈርም በዚያው ደቂቃ ዶሮዎቹ እየጮኹ ነበር። ስጠይቀው ቴሌቪዥን ነው አለኝ። አመንኩት።

በቪዲዮ እንድንተያይ ስጠይቅ ካሜራው ተሰብሯል ይለኛል። ያኔ ላደርገው የሚገባኝን አሁን ለእናንተ ልንገራችሁ። በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲያትል የጠራ ቀን ነው። መስኮቱን ክፈትና ውጭውን አሳየኝ ማለት በቂ ነው። ሰው ፎቶ ይሰርቃል፣ በ+1 የሚጀምር ስልክ ቁጥርም ከኢንተርኔት ያወጣል፣ የቀን ብርሃን ግን በሌሊት ከየትም አያመጣም።

ብሩ የመጣው በታኅሣሥ ነው። ለገና ስጦታ እንደላከልኝ ነገረኝ። ስልክ፣ ሽቶ፣ ጫማ፣ የወርቅ ሐብል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በጫማው ውስጥ 5,000 ዶላር ደብቄልሻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። ያን ዶላር ለምን እንደጨመረው የገባኝ በኋላ ነው። ዶላሩ ለእኔ ማጓጊያ ብቻ አልነበረም። አፌን መዝጊያ ነበር። ሕገወጥ ነገር ውስጥ የገባሁ መሰለኝና ወንድሜን እንኳ ማማከር ፈራሁ።

ከአምስት ቀን በኋላ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ደወለች። «ከጉምሩክ ነው የምደውለው፣ በስምዎ ዕቃ ገብቷል» አለች። አነጋገሯ ጨዋ ነው፣ «እርስዎ» እያለች ነው የምታናግረኝ። ቀረጡ 18,500 ብር ነው፣ እስከ ዛሬ 9 ሰዓት ካልተከፈለ ዕቃው ይወረሳል አለችኝ። ወዲያው ለእሱ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ለነገሩ ጠዋት 4 ሰዓት ሲያትል ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው፣ ነገ ሥራ ያለበት ሰው ተኝቷል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እህቶቼ፣ ይህን ልብ በሉት። ሁለት ወር ሙሉ የማንገናኝበት ሰዓት እንዳለ አስለምዶኛል። እሱ ሲተኛ እኔ እንዳልረብሸው፣ እኔ ስተኛ እሱ እንዳይቀሰቅሰኝ። ብር የተጠየቅኩት ሁልጊዜ እሱ «በተኛበት» ሰዓት ነው። ሲነቃ ብሩ ተከፍሏል። ሲሰማ ይደነግጣል፣ ያዝናል፣ «ለምን እኔን አልጠበቅሽኝም፣ እኔ እተካልሻለሁ» ይላል። ከሴትዮዋ ጋር እንደማይተዋወቅ አስመስሎ ይጫወታል።

የተሰጠኝ የባንክ ሂሳብ በአንድ ሰው ስም ነበር። ስሙን ሳየው ቅር አለኝ። ሴትዮዋ «የገንዘብ ያዣችን ነው» አለችኝና ላክሁ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ አሁንም ጠዋት ላይ፣ «ዕቃው ሲፈተሽ ዶላር ተገኝቶበታል፣ 42,000 ብር ቅጣት ካልከፈሉ ፖሊስ ይመጣል» ብላ ደወለች። ፈርቼ ያንንም ላክሁ። ለሦስተኛ ጊዜ 75,000 ስትል ብር አልነበረኝም። ያዳነኝ ብልሃቴ ሳይሆን የብሩ ማለቅ ነው።

ከውጭ የመጣ ዕቃ ቀረጥ ካለው በሰነድ ይሰላል፣ ለመንግሥት ይከፈላል፣ ደረሰኝ ይሰጣል። በግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ ቀረጥ አይከፈልም። ማንም ከጉምሩክ ነኝ ብሎ ቢደውልላችሁ ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሂዱ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። የአንድ ቀን ትራንስፖርት ከ18,500 ብር ጋር አይወዳደርም። የዕቃውንም ቁጥር ተመልከቱ። በፖስታ ቤት ተመዝግቦ ከአገር አገር የሚላክ ዕቃ በሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፣ መሐሉ ዘጠኝ አኃዝ ነው፣ መጨረሻው የላኪው አገር ሁለት ፊደላት ነው፣ ለአሜሪካ US ይሆናል። ለእኔ የተሰጠኝ ስምንት አኃዝ ብቻ ነበር። የግል አጓጓዦች የራሳቸው አቆጣጠር ስላላቸው ይህ ለፖስታ ብቻ ነው የሚሠራው። ያም ቢሆን ቁጥሩን እሱ በላከላችሁ ሊንክ ሳይሆን ራሳችሁ በምታውቁት ገጽ ፈልጉት።

የሰዓቱም መፈተሻ ለሁሉም አይሆንም። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤሩት ካለ ሰው ጋር የምታወሩ ሌላ ሂሳብ ነው። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ሪያድ ከእኛ እኩል ናት፣ ሁለቱም ሰዓታቸውን አይቀይሩም። ቤሩት ትቀይራለች። አውሮፓ ደግሞ ይቀይራል፣ ግን ከአሜሪካ በተለየ እሁድ ነው፣ በኦክቶበርና በማርች የመጨረሻ እሁድ። ደግሞም ፈረቃው የሚለዋወጥ ሰው በየቀኑ በተለያየ ሰዓት ሊደውል ይችላል፣ ያ ብቻውን ውሸታም አያደርገውም። የሚያጠራጥረው «በቋሚ ሰዓት ምሳ እበላለሁ» እያለ ሰዓቱ ሲቀየር እሱ የማይቀየረው ነው።

በመጨረሻ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። እንደተጭበረበርኩ ሲገባኝ ስድብ ጻፍኩለት። ወዲያው በቴሌግራም የተጻጻፍነውን ሁሉ ከእሱም ከእኔም ስልክ አጠፋው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ለሁለቱም መሰረዝ ይችላል፣ ይህን አላውቅም ነበር። ፖሊስ ጣቢያ የሄድኩት ሁለት የባንክ ደረሰኝ ብቻ ይዤ ነው። የድምፅ መልእክቶቹ ሁሉ ሄደዋል። ስለዚህ ከጠረጠራችሁ አትሳደቡ፣ አታሳዩት። መጀመሪያ ንግግሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ስክሪንሾት አንሱ፣ በሌላ ስልክ አስቀምጡ። ብር ከላካችሁ ያኔውኑ ወደ ላካችሁበት ባንክ ሂዱና ሂሳቡ እንዲታገድ አመልክቱ። እኔ አፍሬ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ፣ ስደርስ ሂሳቡ ባዶ ነበር።

«ደብረ ሲና ነው ቤተሰቤ፣ ሲያትል ነኝ፣ ምሳ እረፍቴ ነው» እያለ ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚደውልላችሁ ካለ፣ ወይም 18,500 ብር ቀረጥ የምትል ሴት ከደወለችላችሁ፣ ጻፉልኝ። ደረሰኞቼ አሁንም አሉ፣ አብረን ወደ ፖሊስ እንሄዳለን።