ስፔክትራል ኖርማላይዜሽን ወይስ ግራዲየንት ፔናልቲ? አልረጋ ላለ ጋን የቱ ይሻላል?

በጋን ውስጥ ጄኔሬተሩ ምስል ይፈጥራል፤ ዲስክሪሚኔተሩ ደግሞ እውነተኛውን ምስል ከተፈጠረው ይለያል። የዲስክሪሚኔተሩ ሎስ ወደ ዜሮ ወርዶ እዚያው ከቀረ፣ የጄኔሬተሩ ደግሞ ሽቅብ ከወጣ፣ ዲስክሪሚኔተሩ አሸንፏል። ጄኔሬተሩ የሚማርበት ግራዲየንት ያጣል። ይህ ከርቩ ላይ በግልጽ ይታያል።

ሞድ ኮላፕስ፣ ማለትም ጄኔሬተሩ ጥቂት ዓይነት ምስሎችን ብቻ መደጋገሙ፣ ግን ከርቩ ላይ ላይታይ ይችላል። መቁጠር ይሻላል። በኤምኒስት የእጅ ጽሑፍ ቁጥሮች የሠለጠነ ጋን አላችሁ እንበል። 1,000 ምስል አውጡና አሃዝ በሚለይ ክላሲፋየር መድቧቸው። እያንዳንዱ አሃዝ ወደ 100 ገደማ መምጣት አለበት። 1 ቁጥር 600 ጊዜ ወጥቶ 4 እና 8 ከናካቴው ከጠፉ፣ ምስሎቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ ኮላፕስ አለ።

ሁለቱም መፍትሔዎች ዲስክሪሚኔተሩን ይገድባሉ። ምስሉ በጥቂቱ ሲለወጥ የሚሰጠው ነጥብ በአንዴ እንዳይዘል ያደርጋሉ። ልዩነቱ በአሠራርና በዋጋ ነው።

ስፔክትራል ኖርማላይዜሽን በ2018 ሚያቶና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ነው። የእያንዳንዱን ሌየር የዌይት ማትሪክስ በትልቁ ሲንጉላር ቫልዩ ያካፍላል። ይህን ቫልዩ በየእርምጃው በአንድ ዙር ፓወር ኢተሬሽን ስለሚገምት ፍጥነቱን ብዙም አይነካም። በፓይቶርች ሌየሩን መጠቅለል ብቻ ነው፦

```
from torch import nn
from torch.nn.utils.parametrizations import spectral_norm
conv = spectral_norm(nn.Conv2d(64, 128, 4, 2, 1))
```

ደካማ ጎኑ አንዳንዴ ከልክ በላይ ማሰሩ ነው። ሂንጅ ሎስ እየተጠቀማችሁ የዲስክሪሚኔተሩ ሎስ 2 አካባቢ ተቸንክሮ ምስሎቹም ገና የተበላሹ ከሆኑ፣ ዲስክሪሚኔተሩ ምንም እየለየ አይደለም።

ግራዲየንት ፔናልቲ በ2017 የደብልዩጋን ማሻሻያ ሆኖ የመጣ ነው። በእውነተኛና በተፈጠረ ምስል መካከል ያለ ቅይጥ ምስል ይወስዳል። እዚያ የግራዲየንቱ ርዝመት ከ1 በራቀ ቁጥር ይቀጣል፤ የተለመደው የቅጣት ክብደት 10 ነው። ዌይቱን በቀጥታ ስለማያስር ለዲስክሪሚኔተሩ ሰፋ ያለ ነፃነት ይተዋል። ዋጋው ግን ይከብዳል። የግራዲየንት ግራዲየንት ስለሚሰላ ጊዜም ሜሞሪም ይበላል። በመጀመሪያው አሠራር ደግሞ ለአንድ የጄኔሬተር እርምጃ ዲስክሪሚኔተሩ አምስት ጊዜ ይሠለጥናል። ዲስክሪሚኔተሩ ውስጥ ባች ኖርም ካለም አውጡት። ቅጣቱ ለየምስሉ የሚሰላ ነው፤ ባች ኖርም ግን ምስሎቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል።

እኔ በስፔክትራል ኖርማላይዜሽን ጀምሩ እላለሁ፣ በተለይ ጂፒዩ ላጠረው ሰው። ሌላ ምንም ሳትቀይሩ አሠልጥኑና አሃዞቹን እንደገና ቁጠሩ። ሎሱ በ2 ላይ ከተቸነከረ ወደ ግራዲየንት ፔናልቲ እለፉ። የጊዜው ወጪ ከከበዳችሁ አርዋን የሚባለው ቀለል ያለ ዘመድ አለው፤ እሱ የሚቀጣው በእውነተኛ ምስሎች ላይ ብቻ ነው። ስታይልጋን2 ይህን ቅጣት በየ16 እርምጃው አንዴ ብቻ እያሰላ ወጪውን ቀንሷል።

ሥልጠናው ረግቶም 4 እና 8 ካልተመለሱ ቅጣቱን ማክበድ አያዋጣም። ሁለቱም ዘዴዎች ልዩ ልዩነትን በቀጥታ አይለኩም። ያኔ በዲስክሪሚኔተሩ መጨረሻ አካባቢ ሚኒባች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ጨምሩ። ምስሎቹ እርስ በርስ ሲመሳሰሉ ዲስክሪሚኔተሩ ያንን አይቶ ማስመሰሉን ይይዛል።