99.9 ወይስ 99.5? የአክስቴ ሁለት ውሎች

አክስቴ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። እንግዶቻቸው ክፍል የሚይዙት በአብዛኛው በድረ ገጻቸው ነው። ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹን በሰርቨሩ ላይ የሚያኖርላቸውን ድርጅት፣ ሊቀይሩ ፈልገው ሁለት ድርጅቶች ውል ላኩላቸው። የሁለቱም ዋጋ በወር 3,000 ብር ነው። አንዱ 99.9 በመቶ አፕታይም፣ ማለትም ሳይቱ ሳይቋረጥ የሚሠራበት ጊዜ፣ ዋስትና ይሰጣል፤ ሌላው 99.5 በመቶ።

«ልጄ፣ ትልቁን ነዋ የምንይዘው፤ ይሄ ደግሞ ምን ያጠያይቃል?» አሉኝ። እኔ ትንሹን ያዙ አልኳቸው።

መጀመሪያ ፐርሰንቱን ወደ ሰዓት እንመንዝረው። ሳይቱ ቢጠፋ ውሉ የማይጣስበት ጊዜ ይኸው፦

| ዋስትና | በወር (30 ቀን) | በዓመት |
|---|---|---|
| 99% | 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ | 87 ሰዓት ከ36 ደቂቃ |
| 99.5% | 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ | 43 ሰዓት ከ48 ደቂቃ |
| 99.9% | 43 ደቂቃ | 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ |
| 99.99% | 4 ደቂቃ | 52 ደቂቃ |

ሠንጠረዡን ብቻ ላየ ሰው አክስቴ ልክ ናቸው። ጉዱ ያለው ከቁጥሩ ቀጥላ በምትመጣው ቃል ላይ ነው። የ99.9ኙ ውል «በዓመት ተሰልቶ» ይላል። የ99.5ቱ ግን «በየወሩ» ነው የሚለው። ያ ማለት የመጀመሪያው ድርጅት የዓመቱን 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል፤ ውሉንም አልጣሰም።

ጥምቀት አንድ ሳምንት ቀርቶታል እንበል። ከየአገሩ ክፍል የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ሰርቨሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተቋረጠ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ማለት ነው።

በ99.9ኙ ውል ማካካሻው ዜሮ ነው፤ ገና ከተፈቀደው አላለፈም። በ99.5ቱ ግን የወሩ 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ሲቀነስ 4 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ትርፍ ይወጣል። ውሉ ለእያንዳንዱ ሙሉ ትርፍ ሰዓት የወሩን ክፍያ 5 በመቶ ይመልሳል፤ ጣሪያው 50 በመቶ ነው። አራት ሙሉ ሰዓት፣ 20 በመቶ፣ 600 ብር።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት ቢጠፋስ? አሁን የመጀመሪያውም ውል ተጣሰ፤ ትርፉ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አካባቢ ነው። ግን እሱ የሚመልሰው ሳይቱ ከተፈቀደው በላይ የጠፋበትን ሰዓት ዋጋ ብቻ ነው። 3,000 ብር ለ720 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 4 ብር ከ17 ሳንቲም ይመጣል። የማካካሻው ድምር 5 ብር ገደማ። አክስቴ ይህን ስነግራቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም።

600 ብሩም ቢሆን በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። ክሬዲት ነው፤ ከሚቀጥለው ወር ሂሳብ ላይ ይቀነሳል። ያመለጠ እንግዳም በውሉ ውስጥ የለም። በጥምቀት ሰሞን አንድ ክፍል 2,500 ብር ቢያከራዩ፣ ያመለጣቸው አንድ እንግዳ ብቻውን ከክሬዲቱ አራት እጥፍ ይበልጣል። ክሬዲቱን እንደ ኢንሹራንስ የሚያይ ሰው ይሸወዳል።

ደግሞ ካልጠየቁ አይሰጥም። በሁለቱም ውሎች ጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መግባት አለበት። ትልልቆቹም እንዲሁ ናቸው፤ አማዞን እንኳ የክላውድ ሰርቨር ደንበኛው ራሱ እንዲጠይቅ ነው የሚያዘው። የተቋረጠበትን ሰዓት ስትጽፉ ታዲያ ተጠንቀቁ። የሰርቨር መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ በ`UTC`፣ ከኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት፣ ነው የሚቆጥረው። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9 ሰዓት፣ እዚያ `06:00` ሆኖ ነው የሚታየው። «3 ሰዓት ላይ ጠፋ» ብላችሁ ብትልኩ፣ «በዚያ ሰዓት ይሠራ ነበር» የሚል መልስ ሊመጣላችሁ ይችላል። እውነታቸውን ነው።

የማይቆጠረውንም አንብቡ። ቀድሞ የተነገረ ጥገና አይቆጠርም፤ ስለዚህ በወር ስንት ሰዓት ድረስ እንደሆነ ጠይቁ። ፒያሳ መብራት ጠፍቶ የአክስቴ ዋይፋይ ቢሞትም አይቆጠርም፤ ሰርቨሩ ሌላ ቦታ እየሠራ ነው።

ከመፈረማቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ አስጨመርን። ዋስትናው ሁለት ወር በተከታታይ ከተጣሰ ያለ ቅጣት ውሉን ማፍረስ ይችላሉ። ለእኔ ከ600 ብሩ ይልቅ ዋጋ ያለው ይሄ ነው። ድርጅቱም ብዙ ሳያንገራግር ተቀበለ።

አክስቴ ፈረሙ። ቀጥለው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዙና ሽፋኑ ላይ «ሳይቱ ሲጠፋ» ብለው ጻፉበት። በዚያ ቀን በስልክ ክፍል የሚይዙ ሰዎች የሚመዘገቡበት ነው።