ለጎንደር ሆቴል፦ የትኛው የማስወጫ ማስታወቂያ?

ጥምቀት ሰሞን ነው እንበል፤ ሆቴሉ በውጭ እንግዶች ሞልቷል፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጭስ ታየ።

አንደኛው ጽሑፍ፦ «ክቡራን እንግዶቻችን፣ ባጋጠመን ቴክኒካዊ ችግር ምክንያት ሳትደናገጡ ሕንፃውን እንድትለቁ በትሕትና እንጠይቃለን፤ በሊፍት አይውረዱ።»

ሁለተኛው፦ «ትኩረት! ትኩረት! እሳት አለ። አሁን ይውጡ። በደረጃ ብቻ ይውረዱ። ውጭ፣ የግቢው በር ላይ ይሰብሰቡ።»

አንደኛው ጨዋ ነው፤ ግን «ቴክኒካዊ ችግር» ሲባል ሰው ሻንጣውን መሸከፍ ይጀምራል። የባሰው መጨረሻው ነው፦ በደወል ጩኸት መካከል የ«አይውረዱ» መነሻ ድምፅ ከተዋጠ «ይውረዱ» ይሆናል! ሁለተኛው «ብቻ» ብሎ ከዚህ ያመልጣል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አጭር ስለሆነ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተራ በተራ ሲነበብ የመጨረሻው ሰሚ ብዙ አይጠብቅም። አንባቢው ግን ረጋ ይበል፤ መስማት ለተሳነው እንግዳ ደግሞ በር የሚያንኳኳ ሠራተኛ ያስፈልጋል።