ሳሳ ያለ ወረቀት ላይ የተጻፈ ውል «ስካን አድርገን እንጽፍላችኋለን» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና አቃቂ አካባቢ ያላችሁ፣ በተለይ እናትና አባታችሁ ያስቀመጡት የድሮ ውል እጃችሁ ላይ ካለ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አትክፈሉ። እዚህ ሰፈር አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የድሮ ሰነድ ስካን አድርጎ፣ «አጽድቶ»፣ በኮምፒውተር ጽፎ በገጽ ሂሳብ ይሰጣል። የአክስቴን የቤት ሽያጭ ውል ወስደን ከፈልን። የተሰጠን ወረቀት ላይ የቤቱ ዋጋ በአሥር እጥፍ አድጎ ወጣ።

ውሉ በ1985 ዓ.ም. ራፖር ጸሐፊ በእስክሪብቶ የጻፈው ነው። ወረቀቱ ስስ የታይፕ ወረቀት ነው፤ የተጻፈውም ከፊትም ከጀርባም ነው። ፊቱን ስታዩ የጀርባው ጽሑፍ እየደበዘዘ ይታያል። ዋናውን ወረቀት በእጁ የያዘ ሰው ብዙም አይቸገርም፤ የፊቱ ደመቅ፣ የጀርባው ፈዘዝ ብሎ ስለሚታይ ዓይን ራሱ ይለየዋል። ችግሩ የመጣው ስካነሩ ላይ ነው። ልጁ ማሽኑን «ጥቁርና ነጭ» ላይ አድርጎ ነበር ያነሳው። በዚህ አሠራር መካከለኛ ቀለም የሚባል የለም። እያንዳንዷ ነጥብ ወይ ጥቁር ትሆናለች ወይ ነጭ። ስለዚህ ከጀርባ ፈዘዝ ብሎ የመጣው መስመር ከፊቱ እኩል ጠቁሮ ወጣ።

የዋጋው ነገር እንዲህ ነው። ፊቱ ላይ መስመሩ መጨረሻ «ብር 8500» ይላል፤ ቀጥሎ ባለው መስመር በፊደል «ስምንት ሺህ አምስት መቶ» ተብሎ ተጽፏል። ጀርባው ላይ፣ በዚያው ከፍታ፣ አንድ መስመር «ዐሥር ቀን ውስጥ» ብሎ ይጀምራል። የጀርባው መስመር መጀመሪያ ከፊት ሲታይ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚያርፈው። «ሥር» የሚለው ቁጥሮቹ ላይ ተደርቦ ቁጥሮቹን ያወፈረ መሰለ። «ዐ» ግን ከመጨረሻው ዜሮ አጠገብ ባዶ ቦታ አገኘ። ዐ ደግሞ ክብ ነው፤ ቢገለበጥም ያው ክብ ነው። የሱቁ ጸሐፊ 85000 ብላ አነበበችው፤ ሲጻፍም 85,000 ሆነ። በፊደል ያለውን ግን እንዳለ «ስምንት ሺህ አምስት መቶ» ብላ ተወችው። አንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ዋጋ!

ስንጠይቃቸው «ወረቀቱ ራሱ እንዲህ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ» አሉን። ይህ እውነት አይደለም። ከወረቀቱ ኋላ ጥቁር ነገር ቢያስቀምጡ አብዛኛው ይጠፋ ነበር። የስካነሩ ክዳን ውስጡ ነጭ ነው። ብርሃኑ ስሱን ወረቀት አልፎ ነጩ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። የጀርባው ቀለም ያለበት ቦታ ብርሃኑን ስለሚያስቀረው እዚያ ላይ ጥላ ይወጣል። ከኋላ ጥቁር ካርቶን ካለ ግን ያለፈው ብርሃን እዚያው ተውጦ ይቀራል። ወረቀቱ በሙሉ ትንሽ ይጠቁራል፤ የጀርባው ጽሑፍ ደግሞ ከዚያ ጥቁረት ጋር ተመሳስሎ ይደበዝዛል። ጥቁር ካርቶን ከየትኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይገኛል።

ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ወረቀቱን ወደ መስኮት አንስቶ በብርሃን ያያል። እንዲህ ሲደረግ ብርሃኑ ከኋላ ስለሚመጣ የፊቱም የጀርባውም ጽሑፍ አንድ ላይ ይጠቁራል፤ ጭራሽ ይደባለቃል። ወረቀቱን ጥቁር ነገር ላይ አስተኙት፤ ብርሃኑ ከእናንተ በኩል ይምጣ።

ሁለተኛው ስህተት «ጽዳት» የሚሉት ነው። ይህ ደግሞ እኔን ከዋጋው በላይ አናዶኛል። የጀርባውን ጥላ ለማጥፋት ብለው ፈዛዛ የሆነውን ሁሉ ነጭ አደረጉት። ከምስክሮቹ አንዱ ስሙን ሲጽፍ እስክሪብቶው እየነጠፈ ነበር፤ ስሙ ፊቱ ላይ በስሱ ነው ያለው። ከጥላው ጋር አብሮ ጠፋ። ጽሑፍ የደበዘዘው ከጀርባ ስለመጣ ነው ወይስ ከፊት በስሱ ስለተጻፈ? ቀለሙን ብቻ አይቶ ይህን መለየት አይቻልም።

የሚለየው አቅጣጫው ነው። የጀርባ ጽሑፍ ሁልጊዜ ተገልብጦ ነው የሚታየው። በእኛ ፊደል ይህ ጥሩ ምልክት አለው፤ የቡ፣ የቢና የቤ ቅጥያ በቀኝ በኩል ነው ያለው። ቅጥያው በግራ በኩል ከታያችሁ ከጀርባ የመጣ ነው። የሚያሳስቱ ፊደሎችም አሉ። ባ የቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ቦ የግራው፤ ስለዚህ ከጀርባ የመጣ ባ ከፊት ቦ ይመስላል። ሳ እና ሶም እንደዚያው ናቸው። ከቁጥር ደግሞ 0፣ 8 እና ቀጥ ብሎ የተጻፈ 1 ቢገለበጡም አይለወጡም። ብር ላይ፣ ቀን ላይ፣ ካሬ ሜትር ላይ እነዚህን ካያችሁ አንዴ አይታችሁ አትለፉ።

ለዚህ ስልካችሁ ይበቃል። ፊቱንም ጀርባውንም በቀለም አንሱ፤ ሁለቱም ላይ ጥቁሩ ካርቶን ከኋላ ይሁን። የጀርባውን ፎቶ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ግራ ቀኙን ገልብጡት። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና የምትጠራጠሩበትን ቦታ ፈልጉ። የአክስቴን ውል እንዲህ ሳደርገው የ85000 የመጨረሻ ዜሮ የተገለበጠው የጀርባ ፎቶ ላይ በዚያው ቦታ ቁጭ ብሏል። የምስክሩ ስም ግን ጀርባው ላይ የለም። ስለዚህ የፊት ጽሑፍ ነው።

አሁንም ካላመናችሁ ክፍሉን አጨልሙና የስልኩን መብራት ከጎን፣ ከወረቀቱ እኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። እስክሪብቶ ሲጫን ወረቀቱን ያጎደጉዳል። የፊት ጽሑፍ ከፊት ሲታይ ጎድጉዶ ይታያል፤ የጀርባው ደግሞ ወደ እናንተ አበጥ ይላል። ቀስ ብሎ በጣት ሲዳሰስም ይታወቃል። ስለዚህ ሱቁ «እንዳይቀደድ ላሚኔት እናድርግላችሁ» ካላችሁ እምቢ በሉ። በፕላስቲክ ከታሸገ በኋላ ይህን ማየት አይቻልም፤ ሳይጎዱ ማላቀቅም ከባድ ነው።

ጥቁር ካርቶን የማይፈታው ነገርም አለ። ቀለሙ ራሱ ወረቀቱን ሰርጾ ወደ ፊት ከወጣ ጥላ ሳይሆን እውነተኛ ቀለም ነው፤ ከኋላ ምንም ብታስቀምጡ አይጠፋም። በአክስቴ ውል ላይ የማኅተሙ ቀለም እንዲህ አድርጎ አንድ ቃል ሸፍኗል። ማኅተሙ ተገልብጦ ስለሚታይ ከጀርባ መሆኑ ታወቀ፤ ከሥሩ ያለው ቃል ግን አልተነበበም።

የግድ ማስጻፍ ካለባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ። ሁለቱም ገጽ በቀለም፣ በ300 ዲፒአይ፣ ከኋላው ጥቁር ተደርጎ ይነሳ፤ ያልጸዳው ፋይል ለእናንተ ይሰጥ። የተጻፈውን ስትረከቡ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ እያንዳንዱን ቁጥር በፊደል ከተጻፈው ጋር፣ ፊርማዎቹን ደግሞ ከዋናው ወረቀት ጋር አስተያዩ። የማይነበብ ቃል ካለ ቦታው ላይ «አይነበብም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ማንም በግምት አይሙላው።